ትኩረቱ ለሚበታተን የአንደኛ ክፍል ልጅ የሥዕል ፕሮግራምና የተግባር ካርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወላጆች ልጃቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ በር ላይ ቆመው ስለ ሥዕል ካርድ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አብዛኛው መልስ ስለ ጠዋቱ ነው፤ ከአልጋ እስከ ባጃጅ ስላለው ሰዓት። ብዙ ቤት የሚታመሰው እዚያ ላይ ነው። ጠዋቱ ላይ መልክ የያዘ ነገር ደግሞ ወደ ቤት ሥራውም ወደ ክፍሉም ለመውሰድ ይቀላል።

የሥዕል ፕሮግራም ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ልጁ በተከታታይ የሚሠራቸውን ነገሮች በሥዕል አድርጎ በቅደም ተከተል መስቀል ነው። አንድ ካርድ አንድ ሥራ ነው። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ካርዱን ራሱ ያነሳና "አልቋል" የሚባል ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ ያለው ካርድ አሁን የሚሠራው ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ክፍል ውስጥ ከሚለጠፈው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ይለያል። ያ ሰሌዳ ለሚያነብ ሰው ነው፤ ደግሞም ሰኞ ጠዋት የነበረው ዓርብ ከሰዓትም እንዳለ ነው። ይሄኛው በእጅ ይነካል፣ ይነሳል፣ እያነሰ ይሄዳል። ልጁ ምን ያህል እንደቀረው በዓይኑ ያያል።

ዘዴው በስፋት የታወቀው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር በተሠራ ሥራ ነው፤ በተለይ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ከተጀመረው ፕሮግራም ጋር ስሙ ይነሳል። ለእነዚያ ልጆች ብዙ ተጠንቷል። ትኩረታቸው ለሚበታተን ልጆች ያለው ጥናት ያን ያህል ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከካርዱ የማይሰጠውን አትጠብቁ። ካርድ ትኩረት አይጨምርም። ልጁ በጭንቅላቱ ይዞ መዞር ያለበትን ሸክም ግን ይቀንስለታል።

በቃል ብነግረው አይበቃም? እኔም እናቴ በቃል ነው ያሳደገችኝ።

ለብዙ ልጅ ይበቃል። ለዚህኛው ልጅ ግን አስቡት፦ "ታጠብ፣ ዩኒፎርምህን ልበስ፣ ቁርስህን ብላ፣ ቦርሳህን ያዝ" አላችሁት። አራት ትዕዛዝ ነው። የመጀመሪያውን ይዞ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት ያያል። ሌሎቹ ሦስቱ እዚያው በነው ይጠፋሉ። እናንተ "በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል" ትላላችሁ። እሱ ግን ልታዘዝ ወይስ አልታዘዝ ብሎ የወሰነው ነገር የለም። ቃሉ ከአፋችሁ ወጥቶ አልፏል፤ ተመልሶ የሚያየው ነገር የለውም። ሥዕሉ ግን ከእንሽላሊቱ በኋላም እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። ጠዋት ጠዋት አፋችሁ እስኪዝል የምትጮሁ ከሆነ ልጁ አንድ ነገር ተምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥሪዎች አይቆጠሩም፣ የምር የሚሆነው አራተኛው ነው። የሚያስነሳው ነገር የእናንተ ድምፅ ሆኗል ማለት ነው። ካርዱ የሚገባው በዚያ ድምፅ ቦታ ነው። ካርድ ሰቅላችሁ ጩኸቱን ከቀጠላችሁ ካርዱ የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። ከታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከየት ልጀምር? ሙሉ ቀኑን ልሥራለት?

አይ። ሙሉ ቀን የሠሩ ቤቶችን አይቻለሁ፤ አሥራ ስድስት ካርድ፣ ባለቀለም። ቆንጆ ነው፣ ግን ልጁ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ቤቱን የሚያምሰውን አንድ ግማሽ ሰዓት ምረጡ። ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ካርድ ብቻ።

ሳቢያን አካባቢ የሚኖር የአንድ ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ሰባት ዓመቱ ነው። ትምህርት የሚጀመረው 2 ሰዓት፣ ባጃጁ የሚመጣው 1፡20 ነው። ልጁ የሚነሳው 12፡15 አካባቢ። ከአንድ ሰዓት በላይ አለው ማለት ነው። ግን በየቀኑ ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ፣ እሱ የአንድ እግሩን ጫማ እየፈለገ ነው የሚወጣው።

እናቱን ካርድ ከመሥራቷ በፊት ሁለት ሦስት ጠዋት ዝም ብላ እንድታይ ጠየቅኳት። "የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ጻፊ" አልኳት። እሷ ሁሉም ነገር ላይ የሚያስቸግር ነበር የሚመስላት። የጻፈችው ግን ሌላ ሆነ። መታጠቡን በደንብ ይታጠባል። ቁርሱን ይበላል። የሚቆመው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አንድ ካልሲ አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዞ። ሁለተኛው ከቁርስ በኋላ፣ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት።

ስለዚህ ስድስት ካርድ ሆነ፦ ፊት መታጠብ፣ ዩኒፎርም፣ ካልሲና ጫማ፣ ቁርስ፣ ጥርስ፣ ቦርሳ። ከካርዱ በላይ የሠራው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ድሮ የሚበላው በፒጃማ ነበር። አሁን ቴሌቪዥን በሌለበት መኝታ ክፍል ሙሉ በሙሉ ለብሶ፣ ጫማውንም አድርጎ ነው ወደ ሳሎን የሚወጣው። እናቱ "ዩኒፎርሙ ላይ ሻይ ያፈስበታል" አለች፤ እውነቷን ነው። ከላይ አሮጌ ሰፊ ቲሸርት እየደረበ ይበላል። ካርቱኑን አላጠፋነውም። ሰባተኛ ካርድ አድርገን ከሁሉም በታች ሰቀልነው። ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጦ 1፡05 ላይ ከጨረሰ ባጃጁ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት የእሱ ነው።

ካልሲው ግን ከዚያም በኋላ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱም ልብሱ አንድ ክፍል፣ ካልሲው ሌላ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሁለቱ መካከል ሲሄድ ነበር የሚጠፋው። ይሄን ካርድ አይፈታውም። ማታ ማታ ዩኒፎርሙን፣ ካልሲውንና ጫማውን አንድ ሳፋ ውስጥ አድርጎ አልጋው ሥር ማስቀመጥ ተጀመረ፤ እሱም ቀጥ አለ።

ካርዱን በምን ልሥራ? እዚህ ሙቀት ላይ ፕላስተር አይይዝም።

አይይዝም፣ እውነት ነው። ጠዋት የለጠፋችሁት ከሰዓት በኋላ ተንሸራቶ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ። ኖራ ከተቀባ ግድግዳማ ቀለሙን ይዞ ነው የሚወርደው።

አንድ ኤፎር ወረቀት በወርዱ ለሁለት፣ በርዝመቱ ለሦስት ብታጥፉት ስድስት ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ በግምት አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር። ይሄ መጠን ከበር ላይ ሆኖ ይታያል፣ ለልጅ እጅም ይመቻል። ጀርባውን በጫማ ካርቶን አጠንክሩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ካስደረጋችሁት ደግሞ እርጥብ እጅ አያበላሸውም። አይታችሁ የምትቀይሩት ስለሚሆን ግን የመጀመሪያውን ዙር ላሚኔት አታድርጉ።

ለመስቀል ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። አንድ ሚስማር ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ሲባጎው ወጠር ብሎ። የታችኛውን ሚስማር አትተዉ፤ ቬንትሌተሩ ሲከፈት ካርዶቹ ዞረው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ከሥር አሮጌ ፖስታ ወይም የብስኩት ካርቶን ስቀሉ፤ "አልቋል" የሚባለው ኪስ እሱ ነው።

ካርዶቹ ከላይ ወደ ታች ይሁኑ። ከግራ ወደ ቀኝ ለእናንተ ግልጽ ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ ቁርዓን ቤት የሚሄድ ልጅ ግን እዚያ የሚያነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አንደኛ ክፍል ላይ ሁለቱም ገና አልሰከኑም። ከላይ ወደ ታች ለሁሉም አንድ ነው።

ቁመቱን ለማወቅ ተንበርከኩ። ዓይናችሁ የሚያርፍበት አካባቢ የእሱ ዓይን ነው፤ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ። ቦታው ደግሞ ልጁ የሚያልፍበት ይሁን፤ ከአልጋው ወደ መታጠቢያው በሚሄድበት መንገድ። ሳሎን ውስጥ እንግዳ እንዲያየው መስቀል ትርፉ አድናቆት ብቻ ነው።

ፎቶ ይሻላል ወይስ ሥዕል? ጽሑፉስ በየትኛው ቋንቋ ይሁን?

የራሱ ዕቃ ፎቶ ይሻላል። የራሱ ቦርሳ፣ የራሱ ጫማ። አንድ ነገር ብቻ ይታይ። የጥርስ ብሩሹን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ካነሳችሁት ልጁ የሚያየው ከጎኑ ያለውን የአባቱን መላጫ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ አንሱት። ፎቶ ማሳተም ካልተመቸ ልጁ ራሱ ይሣለው። የራሱ ሥዕል ባያምርም የራሱ ነው፣ አይረሳውም። ከስልክ አውርደው የሚያትሙት ኮከብና አበባ የተነሰነሰበት ካርድ ግን ለእኔ ዋጋ የለውም፤ ልጁ ኮከቡን ሲቆጥር ባጃጁ ይመጣል።

ከሥር አንድ ወይም ሁለት ቃል ጻፉ፤ በሚማርበት ቋንቋ። ድሬ ላይ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የምታወሩት ሌላ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሥዕሉን ሁላችሁም በየቋንቋችሁ ታነቡታላችሁ።

ሰቀልኩት። አሁን ምን ላድርግ?

ቅዳሜ ጀምሩ። ሰኞ ጠዋት፣ ባጃጅ እየጠበቀ፣ አዲስ ነገር አይጀመርም። ቅዳሜ ዩኒፎርም ሳይለብስም ቢሆን እንደ ጨዋታ አንድ ሁለቴ አብራችሁ ሂዱበት።

ከዚያ አንድ አባባል ብቻ ምረጡ። "ካርድህን እይ።" ለሴት ልጅ "ካርድሽን እዪ።" ሌላ ምንም አትበሉ። "ካርድህን እይ፣ ምን ይላል? ካልሲ ነው አይደል? በል ካልሲህን አድርግ" ካላችሁት ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ካርዱ አይደለም። የሥራውን ስም ከአፋችሁ አታውጡ። ይሄ ለወላጅ ከባድ ነው። ለእኔም ክፍል ውስጥ ከባድ ነው።

ካላችሁት በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ የሰማውን ወደ ሥራ ለመለወጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ሳንቆጥር እንደግምለታለን። አሥር ቆጥራችሁ ካልተነሳ ሂዱና ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ ካርዱን በጣታችሁ አሳዩት። ዝም ብላችሁ። አሁንም ካልሆነ ከኋላው ቆማችሁ እጁን ይዛችሁ ወደ ካርዱ ውሰዱት። ከፊቱ አትቁሙ። ከፊቱ ከቆማችሁ የሚያየው ፊታችሁን ነው፣ ተቆጥታችሁ እንደሆነም ያጠናል።

ዝምታው ላይ ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣት ማሳየት በቀላሉ ይቀንሳል፤ ዛሬ ካርዱን ነክታችሁ ነገ ከሩቅ ታመለክታላችሁ፣ ከዚያ በር ላይ መቆም ይበቃል፣ ከዚያም ከወጥ ቤት ሆናችሁ ትሰማላችሁ። ቃል ግን አንዴ ከገባ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ሲጨርስ የሠራውን በስሙ ጥሩለት። "ጎበዝ" ከማለት "ካልሲህን ራስህ አደረግክ" ይሻላል። የትኛውን ነገር ነገ እንደሚደግም ያውቃል።

አያት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ በመጀመሪያ እሳቸውን አስረዱ። "ልጄን በጠዋቱ አታስጨንቁት" ብለው ካልሲውን እግሩ ላይ ያደርጉለታል። በፍቅር ነው። ግን ልጁ ሁለት ሕግ ያለበት ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፤ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። አንዲት ሴት አያት ይህን አልቀበልም ብለው ነበር። ካርዱን ከኪስ አውጥቶ ለነገ የመስቀሉን ሥራ ስንሰጣቸው የካርዱ ጠበቃ ሆኑ።

አንድ ሳምንት ሠራ፣ ከዚያ ዞር ብሎም አያየውም። አበቃለት?

አላበቃለትም። የመጀመሪያው ሳምንት አዲስነቱ ይረዳል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። የሚጠበቅ ነው። ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን የሚከተሉትን እዩ።

መጀመሪያ ራሳችሁን አድምጡ። ማውራት ጀምራችኋል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚህ ጋ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ጠዋት ስልካችሁን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ማታ ስሙት። ብዙ ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ ይስቃል።

ከዚያ የሚቆምበትን ካርድ ፈልጉ። ሁልጊዜ አንድ ካርድ ላይ ከቆመ ያ ካርድ አንድ ሥራ አይደለም። "ቦርሳ" የሚለውን ውሰዱ። ለእናንተ አንድ ነው። ለልጁ ግን ደብተር መክተት፣ የምሳ ዕቃ መክተት፣ ውሃ መክተት፣ ዚፑን መዝጋት፣ በር ላይ ማስቀመጥ ነው። አምስት ሥራ። ሁለት መፍትሔ አለው። ወይ ደብተሩ ማታ ይግባና ጠዋት የሚቀረው ውሃና የምሳ ዕቃ ብቻ ይሁን፤ ወይ ቦርሳው እጀታ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ካርድ ይኑራት፣ አምስት ትንንሽ ሥዕል ያለባት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ላይ የሚቀነስ ነገር ካለ ይቀነስ።

ሌላው፣ ሥራውን ሳይሠራ ካርዱን ብቻ ኪስ የሚከት ልጅ አለ። ብልጥ ነው፣ አትቆጡት። ካርዱ እንዲያልቅ እንደሚፈለግ ገብቶታል፤ ሥራው ነው የቀረው። ለጊዜው ኪሱን ሥራው ወደሚያልቅበት ቦታ ውሰዱት። የጥርስ ካርዱ መታጠቢያው ጋ የተሰቀለ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ የቦርሳው በር ላይ። ካርዱን ይዞ መሄድ ስላለበት ሥራው ጋ ይደርሳል።

ውሃ ሲጠፋስ? ባጃጁ ሲቀርስ?

እዚህ ከተማ ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ነገሩን የማያውቅ የለም። አንዳንዱ ልጅ ግን "ፊት መታጠብ" የሚለው ካርድ ተሰቅሎ ቧንቧው ደርቆ ሲያገኘው ጠዋቱን ሙሉ ይበላሽበታል።

"ለውጥ" የሚል አንድ ካርድ ሥሩ፤ ደማቅ ቢጫ ወረቀት ላይ ሁለት ቀስት ይበቃዋል። ይህን ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታሳዩት በክፉ ቀን አይሁን። ቁርስ ካርዱ ላይ ሻይ በዳቦ ካለ አንድ ቀን ጠዋት "ለውጥ" ብላችሁ ደርቡበትና ሙፎ ስጡት። ሌላ ቀን ከቤት ሥራ በፊት ኳስ አድርጉለት። ልጁ "ለውጥ" ማለት ሁልጊዜ መጥፎ ነገር አለመሆኑን ካየ በኋላ ውሃ የጠፋ ዕለት ካርዱ ይሠራል። የሚሰቀለውም ገና ከመኝታው ሳይነሳ ነው እንጂ ቧንቧው ጋ ደርሶ ከተናደደ በኋላ አይደለም። ከቢጫው ሥር የጀሪካኑን ሥዕል አድርጉ።

ረመዳን ግን በ"ለውጥ" ካርድ የሚታለፍ አይደለም። የእንቅልፉ ሰዓት፣ የምግቡ ሰዓት፣ የቤቱ ድምፅ ሁሉ ይቀየራል። ለወሩ ራሱን የቻለ ተርታ ሥሩለት፤ ካርዶቹ እነዚያው ይሁኑ፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ።

የቤት ሥራውንስ?

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ግማሽ ቀን ተምሮ 6፡30 ላይ በዚያ ፀሐይ ወደ ቤት የገባ ልጅ በልቶ ወዲያው ደብተር ፊት ቢቀመጥ አዋቂም አይችለውም። ከምሳ በኋላ ድሬ ራሷ ትተኛ የለ! ይተኛ። 10፡30 ወይም 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ጀምሩ።

ተርታው አጭር ነው፦ ውሃ መጠጣት፣ የመጀመሪያው ግማሽ፣ መነሳት፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ማሳየት፣ ደብተሩን ቦርሳ ውስጥ። ዋናው "ግማሽ" የሚለው ነው። እናንተ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ታሰምራላችሁ፤ "እዚህ ድረስ"። "ሀ"ን አንድ ገጽ ሙላ የተባለ ልጅ ገጹን ሲያየው መጨረሻ የለውም። አምስት መስመር ሲያይ ግን ጫፉ ይታየዋል። ግማሹ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከወሰደ ብዙ ነው ማለት ነው፤ ሦስት ቦታ ክፈሉት። "መነሳት" የሚለው ካርድ ግቢውን አንዴ ዞሮ መምጣት ይሁን። ስልክ አይሁን፤ ከስልክ የሚመለስ ልጅ የለም። ደቂቃ ለመቁጠር ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነም ከዓይኑ አርቁት።

በጣም የከፋ ቀን ሁሉንም ካርድ አውርዳችሁ ሁለት ብቻ አስቀሩ። "መጀመሪያ" እና "ከዚያ"። መጀመሪያ ሦስት መስመር፣ ከዚያ ኳስ። ያን ዕለት ይሄ ይበቃል።

አስተማሪዋ ከሃምሳ በላይ ልጅ አላት። ለእኔ ልጅ ጊዜ አላት?

የላትም፣ ስለዚህ ትንሽ ነገር ጠይቋት። "በየክፍለ ጊዜው ካርድ ቀይሪለት" ካላችኋት እሺ ትላችኋለች፣ አይሆንም። ተሠርቶ ያለቀ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጣት የምታህል ወርድ ያላት ካርቶን፣ ሦስት ሥዕል ያለባት፦ ጆሮ፣ እርሳስ፣ የተዘረጋ ደብተር። አዳምጥ፣ ጻፍ፣ አሳይ። ዴስኩ ጥግ ላይ ትለጠፍ። አስተማሪዋ ስትዞር በጎኑ ስታልፍ አሁን ያለበትን ሥዕል በጣቷ ነካ ታደርጋለች። አፍ አውጥታ ስሙን አትጠራም፣ ሌላው ልጅም ዞሮ አያየውም። 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይህን ሦስት አራቴ ማድረግ ለማንም አይከብድም።

እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቀኑ ክፍለ ጊዜዎች በሥዕል ሰሌዳው ጎን ተሰቅለዋል፣ ለሁሉም። መቆንጠጫውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያወርደው ልጅ ግን ያ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነው። በየ40 ደቂቃው ተነስቶ የሚሄድበት ሕጋዊ ምክንያት አገኘ።

መቀመጫውንም ጠይቁ። ፊት ለፊት፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ያለ።

ካልታዘዘ የካርቱን ካርዱን ላውርድበት?

አታውርዱት። ካርዱ የተስፋ ቃል ነው። እህቱን ስለመታ የካርቱን ካርዱ ከወረደ ነገ ሌሎቹን ስድስት የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ሌላ ቅጣት ካላችሁ ከሲባጎው ውጭ ይሁን። ዘግይቶ ከጨረሰና ባጃጁ ከመጣ ካርቱኑ ራሱ ያልፈዋል፤ እናንተ ምንም ማለት አይጠበቅባችሁም።

እስከ መቼ ነው?

ጥቂት ሳምንት ሳያይ ከሄደበት ማዋሃድ ጀምሩ። ዩኒፎርም፣ ካልሲና ጫማ አንድ "መልበስ" ይሆናሉ። ስድስቱ አምስት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት። በአንድ ቀን ሁሉንም አታውርዱ። ካወረዳችሁም በኋላ አትጣሉት፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲመጣ ብዙ ልጅ እንደገና ይፈልገዋል።

ካርዱ ምንም ካልረዳውስ? ሐኪም ጋ ልውሰደው?

በመጀመሪያ ትኩረት ማጣት የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ዓይኑ ይታይ። ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል ልጅ ወይም ከኋላው ሲጠራ የማይዞር ልጅ መስማቱ ይመርመር። ማታ የሚያንኮራፋ፣ በሙቀቱ ምክንያት እስከ እኩለ ሌሊት የሚገላበጥ ልጅ ቀን ላይ ቢፈዝ አይገርምም።

አንዱን ግን ለይታችሁ እዩ። በወሬ መሃል ወይም በሥራ መሃል ድንገት ለጥቂት ሴኮንድ ፈዞ የሚቀር፣ ስሙን ብትጠሩትም ብትነኩትም የማይመልስ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል፣ ይህም በቀን ደጋግሞ የሚሆንበት ልጅ ካለ ሐኪም ጋ ውሰዱት። አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ እንዲህ ይታያል፤ መሬት ላይ መውደቅ የለውም። መድኃኒት አለው። ከቻላችሁ በስልክ ቀርጻችሁ አሳዩ።

ትኩረት ማጣቱ ራሱ ሕመም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን፣ ከስድስት ወር በላይ መቆየቱን ይጠይቃችኋል። ቤት ብቻ ከሆነ ወይም ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ቦታው ላይ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውንም አስቡ። ስድስት ዓመት እንደሞላው አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከሆነው ልጅ ጎን ተቀምጦ የማይረጋ ቢመስል፣ ምናልባት ትንሽ ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቱ ካርዶቹን እየነቀለች አስቸገረች።

ለእሷም ሦስት ሥሩላት። ዝቅ አድርጋችሁ፣ በሌላ ቀለም፣ የራሷ ኪስ ያላት። የአራት ዓመት ልጅ ከሆነች መታጠብ፣ ልብስና ቁርስ ይበቃታል። የእሱን ሲባጎ ደግሞ እጇ ከሚደርስበት በላይ፣ ዓይኑ ከሚያርፍበት ሳይርቅ ትንሽ ከፍ አድርጉት።